አልፋ 51፦ የአራስ ልጅ ዳሌ በአልትራሳውንድ ሲለካ

ጀርመን አገር የሚወለድ ልጅ ሁሉ ቢጫ የጤና ደብተር አለው። ሐኪሙ ያየው ነገር ከክብደቱና ከቁመቱ ጋር እዚያ ላይ ይሰፍራል። ልጁ ከተወለደ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ በሚደረገው ሦስተኛ ምርመራ ሁለቱም ዳሌዎቹ በአልትራሳውንድ ይታያሉ። ምርመራው ለሁሉም ልጆች መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ጎረቤቷ ኦስትሪያ ከ1992 ጀምሮ ትሠራበታለች። ጀርመን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደብተሩን ሲገልጡ «የግራ ዳሌ፣ አልፋ 51፣ ቤታ 70፣ ዓይነት 2ኤ ማይነስ» የሚል ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። ልጅቷ ጤነኛ ትመስላለች፤ ትጠባለች፣ እግሯን ታወራጫለች፣ ምንም የሚያማት ነገር የለም። ሐኪሙ ግን ሁለት እግሮቿን ከፍቶ የሚይዝ ማሰሪያ ያዝላታል። ወላጆች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው፤ 51 ምኑ ነው የከፋው? ትንሽ ቢጠበቅስ?

ለመመለስ ከዳሌው አሠራር መነሳት ያስፈልጋል። የጭን አጥንት ከላይ በክብ ራስ ያበቃል፤ ይህ ራስ በዳሌ አጥንት ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ሥፍራ ገብቶ ይሽከረከራል። አዋቂ ሰው ላይ ጎድጓዳው ጥልቅ፣ ጣሪያውም ጠንካራ አጥንት ነው። አራስ ልጅ ላይ ግን የጭኑ ራስ ገና ሙሉ በሙሉ ካርቲሌጅ፣ ማለትም ለስላሳ አጥንት ነው። የጎድጓዳው ጣሪያም ከውስጥ በኩል አጥንት ቢሆን ወደ ውጭ ያለው ጫፉ ለስላሳ ነው። ራሱ በጎድጓዳው መሐል በትክክል ተቀምጦ ሲገፋና ሲሽከረከር፣ ለስላሳው ጣሪያ እየጠነከረና ራሱን አቅፎ እየያዘ ያድጋል። ራሱ ወደ ጠርዙ ካዘነበለ ግን የሚጫነው ገና ያልጠነከረውን ጫፍ ነው። የተጫነ ጫፍ በደንብ አያድግም፤ ያላደገ ጣሪያ ደግሞ ራሱን አይዝም። አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል። የዳሌ ዕድገት ችግር የሚባለው ከዚህ ጥልቀት ካነሰው ጎድጓዳ ጀምሮ ራሱ ጨርሶ እስከሚወልቅበት ድረስ ያለው ነው።

ችግሩ የሚበዛባቸው ልጆች ይታወቃሉ። ሴቶች ከወንዶች ብዙ እጥፍ ይጠቃሉ። በእርግዝናው መጨረሻ በመቀመጫቸው የነበሩ ልጆች፣ ወላጅ ወይም እህት ወንድም ተመሳሳይ ችግር የነበረበት ቤተሰብ ልጆች፣ የእንሽርት ውኃ አንሶባቸው ማሕፀን የጠበባቸው ልጆች ከሌላው ይልቅ ይጋለጣሉ። የመጀመሪያ ልጅ መሆንም ይጨምራል፤ ያልተለጠጠ ማሕፀን ስለሚጠብብ ነው። የግራው ዳሌ የሚብሰውም አብዛኞቹ ሕፃናት በማሕፀን ውስጥ ሲተኙ ግራ ጭናቸው ወደ እናታቸው አከርካሪ ስለሚጠጋና እንደልብ ስለማይከፈት ነው ተብሎ ይታሰባል። በቀዶ ሕክምና መወለድ ከዚህ አያድንም። ጉዳዩ ልጁ በየት እንደወጣ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዴት ተቀምጦ እንደነበረ ነው።

አዋላጆችና ሐኪሞች ከጥንት የሚሠሩት የእጅ ምርመራ አለ። ጣሊያናዊው ማሪኖ ኦርቶላኒ በ1937 የገለጸው፣ የወለቀው ራስ ጭኑ ሲከፈት ወደ ቦታው ሲመለስ እጅ ላይ የሚሰማውን ግፊት ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ባርሎ በ1962 ደግሞ በተቃራኒው፣ በቦታው ያለው ራስ በቀላሉ ተገፍቶ ይወጣ እንደሆነ የሚያሳየውን ዘዴ አወጣ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አገልግሎት ላይ ናቸው። ነገር ግን ጎድጓዳው ጥልቀት አንሶት ራሱ ገና ያልወለቀ ከሆነ እጅ ምንም አይነግርም። ብዙ ወላጆች የሚሰሙት የቀጠን ያለ የ«ቀጭ» ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጅማት እንጂ የመውለቅ ምልክት አይደለም። የጭን ቆዳ እጥፋቶች አለመመሳሰልም በጤነኛ ልጆች ላይ በብዛት ስለሚታይ ለብቻው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ራጅ በዚህ ዕድሜ አይረዳም። ለስላሳ አጥንት በራጅ አይታይምና፣ የጭኑ ራስ ውስጥ አጥንት መፈጠር እስከሚጀምርበት እስከ አራተኛው ወይም ስድስተኛው ወር ድረስ ፎቶው ዋናውን ነገር ባዶ አድርጎ ነው የሚያሳየው። አልትራሳውንድ ግን ለስላሳ አጥንትን ዘልቆ ያሳያል። ኦስትሪያዊው የአጥንት ሐኪም ራይንሃርድ ግራፍ በሽቲሪያ ክፍለ ሀገር በሽቶልትስአልፔ ሆስፒታል እየሠራ በ1980 ዘዴውን ያሳተመው ይህን ተጠቅሞ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጥያቄ «ወልቋል ወይስ አልወለቀም?» የሚል ነበር። ግራፍ ጥያቄውን ወደ «ጣሪያው ምን ያህል አድጓል?» ለወጠው፤ መልሱንም በዲግሪ እንዲለካ አደረገ።

ምርመራው ደቂቃዎች ይፈጃል። ልጁ በጎኑ፣ ጭኑን በትንሹ አጥፎ፣ ሁለት ለስላሳ ትራሶች ባሉት መደገፊያ መካከል ይተኛል። መመርመሪያው ከዳሌው ጎን ላይ በቀጥታ ቆሞ ይያዛል። በስክሪኑ ላይ ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ሳይታዩ ሥዕሉ አይለካም። የመጀመሪያው የዳሌው አጥንት የታችኛው ጫፍ፣ በጎድጓዳው ወለል አጠገብ የሚያበራው ነጥብ ነው። ሁለተኛው በጣሪያው መሐል የሚያልፍ ቆራጭ መስመር ሲሆን፣ ይህ የሚታወቀው የዳሌ አጥንቱ ጎን ቀጥ ብሎ ሲወጣ ነው። ሦስተኛው ጫፉ ላይ ያለው የጅማት ቀለበት፣ ላብረም የሚባለው ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሐኪሙ ሥዕሉን ጥሎ እንደገና መጀመር አለበት። መመርመሪያው ትንሽ ሲያዘነብል እንኳ፣ ዳቦ በሰያፍ ሲቆረጥ ቁራሹ ከእውነተኛው ውፍረት የተለየ እንደሚመስል፣ ጤነኛው ዳሌ የታመመ፣ የታመመውም ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች የሚፈሩት ስህተት ይህ ነው፤ ቁጥሩ በትክክል ይሰላል፣ ሥዕሉ ግን የተሳሳተ ቦታ ነው።

ትክክለኛው ሥዕል ከተገኘ ሦስት መስመሮች ይሰመራሉ። አንዱ በዳሌ አጥንቱ ጎን ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ መነሻው እሱ ነው። ሁለተኛው ከታችኛው ነጥብ ተነስቶ አጥንት የሆነውን ጣሪያ ታኮ ያልፋል። በሁለቱ መካከል የሚገኘው አንግል አልፋ ነው። አልፋ ሰፊ ከሆነ አጥንት የሆነው ጣሪያ ራሱን በደንብ ሸፍኖታል ማለት ነው፤ ጠባብ ከሆነ ጣሪያው ገና ቁልቁለት ነው፣ ራሱም ሊንሸራተት ይችላል። ሦስተኛው መስመር ከአጥንቱ ጠርዝ ተነስቶ በላብረም በኩል ያልፋል፤ እሱና መነሻው መስመር የሚሠሩት አንግል ቤታ ይባላል። ቤታ የሚናገረው ስለ ለስላሳው ክፍል ነው። ራሱ ወደ ውጭ ሲገፋ ለስላሳውን ጣሪያ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ቤታም ይሰፋል። ስለዚህ ሁለቱ አንግሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚናገሩት፤ ጥሩ ዳሌ አልፋው ትልቅ፣ ቤታው ትንሽ ነው።

አልፋ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ዳሌው የበሰለ ነው፤ ዓይነት 1 ይባላል፣ ሕክምናም አያስፈልገውም። ከ50 እስከ 59 ያለው ሁለተኛው ቡድን ግን ዕድሜ ካልተጨመረበት ትርጉም የለውም። ልጁ ከ12 ሳምንት በታች ከሆነ «2ኤ» ይባላል፤ ገና ያልበሰለ፣ ለመብሰል ጊዜ ያለው ዳሌ ነው። ከ12 ሳምንት ካለፈ ያው ቁጥር «2ቢ» ይሆናል፤ አሁን ዘግይቷል፣ ሕክምና ይፈልጋል። አልፋ ከ43 እስከ 49 ሲወርድ አደጋው ቀርቧል። እዚህ ላይ ቤታ ይፈርዳል፤ ከ77 በታች ከሆነ ራሱ ገና በመሐል ነው፣ «2ሲ» ይባላል፤ ከ77 ካለፈ ግን ራሱ ከመሐል መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ «ዓይነት ዲ» ይባላል። ከ43 በታች ደግሞ ራሱ ከቦታው ወጥቷል፤ ዓይነት 3 እና 4 ናቸው።

አሁን ወደዚያች ልጅ ደብተር እንመለስ። ለማሳያ ያህል የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ ሴት ናት፣ በመቀመጫዋ መጥታ በቀዶ ሕክምና ተወለደች እንበል። ለአደጋ የተጋለጠች ስለሆነች የመጀመሪያው ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተደረገላት። በአምስተኛው ቀን የግራ ዳሌዋ አልፋ 53 ነበር። ማንም አልደነገጠም፤ ለአራስ ልጅ ከ50 በላይ የተለመደ ነው። ስድስተኛ ሳምንቷ ላይ ሁለተኛው ምርመራ 51 አሳየ። ከ53 ወደ 51 መውረድ ዳሌው ፈረሰ ማለት አይደለም። የሁለት ዲግሪ ልዩነት የልኬቱ ስህተት ውስጥ ይገባል፤ ያው ሐኪም ያንኑ ልጅ ደግሞ ቢለካ የዚህን ያህል ሊለያይ ይችላል። ዋናው ነገር አለማደጉ ነው። ጤነኛ ዳሌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት ይበስላል። በግራፍ ሚዛን ከልደት እስከ 12ኛው ሳምንት ዝቅተኛው ተፈላጊ አልፋ ከ50 ወደ 60 ይወጣል፤ በስድስተኛው ሳምንት ላይ 55 መድረስ ነበረበት። 51 ከዚያ አንሷል። «ማይነስ» የምትለው ምልክት የምትናገረው ይህንኑ ነው። በሌላ አነጋገር ያው 51 በአምስተኛው ቀን ሰላም ነው፣ በስድስተኛው ሳምንት ሕክምና ነው።

ጥቂት መጠበቅ የማይመረጥበት ምክንያት በዕድገቱ ውስጥ ነው። የጣሪያው የማደግ ፍጥነት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍተኛ ሆኖ ከሦስት ወር በኋላ ይቀንሳል። ማሰሪያው አጥንት አይሠራም፤ የሚሠራው የልጁ የራሱ ዕድገት ነው። ማሰሪያው የሚያደርገው ራሱ በጎድጓዳው መሐል ተቀምጦ፣ ከጠርዙ ላይ ጭነቱ ተነስቶለት ያ ዕድገት እንዲሠራ ማድረግ ብቻ ነው። ዕድገቱ ካለፈ ማሰሪያው የሚጠቀምበት ነገር ያንሳል።

ለእንደዚህ ያለው፣ ራሱ በመሐል ላለና ጣሪያው ብቻ ለዘገየ ዳሌ፣ በጀርመን በብዛት የሚታዘዘው የቱቢንገን ስፕሊንት ነው። ከትከሻ የሚንጠለጠል፣ ጭኖቹን ከሆድ አቅጣጫ ከ90 ዲግሪ በላይ አጥፎ፣ በመካከላቸው ባለ ዘንግ መጠነኛ ክፍተት የሚጠብቅ ነው። ልጅቷ ቀኑንና ሌሊቱን ለብሳው ትውላለች፤ የሚወልቀው ለመታጠብ ያህል ነው። ለማሳያ በወሰድናት ልጅ በ12ኛው ሳምንት በተደረገው ምርመራ አልፋ 62፣ ቤታ 54 ቢገኝ ዳሌው በስሏል፣ ማሰሪያውም ይነሳል። ሆኖም አንዳንድ ዳሌ ኋላ ወደ ነበረበት ድክመት ሊመለስ ስለሚችል መሄድ በምትጀምርበት ዕድሜ አካባቢ በራጅ ይታያል።

ራሱ ከመሐል ሲወጣ፣ ማለትም ዓይነት ዲ፣ 3 ወይም 4 ሲሆን ጉዳዩ ይለያል። አሁን ማሰሪያው ማቆየት ብቻ ሳይሆን መመለስም አለበት። ቼክ አገራዊው አርኖልድ ፓቭሊክ በ1940ዎቹ የሠራው ማሰሪያ እስከ አሁን ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው በዚህ ነው። ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ የትከሻ ማንጠልጠያና እግር የሚገባበት ልባስ አለው። ፓቭሊክ ከእሱ በፊት የነበሩት ጠንካራ ማሰሪያዎች እግርን አስገድደው ሲከፍቱ የጭኑን ራስ ደም ስሮች እየጨቆኑ ራሱን ሲያደርቁት አይቶ ነበር። የእሱ ማሰሪያ ጭኑን ወደ 100 ዲግሪ አጥፎ ይይዛል እንጂ አያስገድድም። እግሮቹ በገዛ ክብደታቸው ወደ ጎን ይወድቃሉ፤ ልጁም እያወራጨ ራሱን ወደ ቦታው ይመልሳል። የፊተኛው ማሰሪያ ጭኑን ያጥፋል፣ የኋለኛው እንዳይገጥም ብቻ ይከላከላል፤ የኋለኛው ከተጠበቀ አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ወላጆች ማየት ያለባቸው አንድ ምልክት አለ። ልጁ ጉልበቱን መዘርጋትና ማርገፍገፍ ካቆመ ጭኑ ከመጠን በላይ ታጥፎ ነርቭ ተጨቁኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ልጁ ስለተረጋጋ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ነርቩ ማሰሪያው ሲስተካከል በአብዛኛው ይመለሳል። ሌላው ጥንቃቄ የሐኪሙ ነው። በማሰሪያው ሦስት ወይም አራት ሳምንት ውስጥ ራሱ ካልተመለሰ መቀጠል አይገባም፤ ያልተመለሰው ራስ የጎድጓዳውን ጀርባ እየጫነ ይበልጥ ያበላሸዋል። ስለዚህ አልትራሳውንዱ በየአንድና ሁለት ሳምንቱ ይደገማል፤ ማሰሪያው ሲጠብቅና ልጁ ሲያድግ ማንጠልጠያው ይስተካከላል። ፓቭሊክ ካልሠራ፣ ወይም ልጁ ስድስት ወር ካለፈው፣ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ራሱ በእጅ ይመለስና በጀሶ ይታሰራል። መራመድ ከጀመረ በኋላ የተገኘ ብዙ ጊዜ ክፍት ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

ታዲያ ሁሉንም ልጅ መመርመር ተገቢ ነውን? ሐኪሞች በዚህ አይስማሙም። ኦስትሪያና ጀርመን ሁሉንም ያያሉ፤ እንግሊዝና አሜሪካ ደግሞ አደጋ ያለባቸውንና በእጅ ምርመራ የተጠረጠሩትን ብቻ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በካረን ሮሴንዳልና ባልደረቦቿ በ1994 የታተመው ጥናት 11,925 አራሶችን በሦስት መንገድ ተከታትሎ ነበር። ሁሉም በተመረመሩበት ቡድን ዘግይቶ የተገኘ ችግር ከ1,000 ልጅ 0.3፣ የተመረጡት ብቻ በታዩበት 0.7፣ ምንም አልትራሳውንድ ባልነበረበት 1.3 ነበር። ልዩነቱ አቅጣጫ ቢያሳይም በስታቲስቲክስ ለመፍረድ አልበቃም፤ በሌላ በኩል ሁሉም ሲመረመሩ ማሰሪያ የታዘዘላቸው ልጆች በዝተዋል። ባርሎም ቀድሞ እንዳየው፣ በልደት ቀን ላላ ካሉት ዳሌዎች ከግማሽ የሚበልጡት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ በራሳቸው ይጠነክራሉ። ስለዚህ የእኔ ግንዛቤ፣ በመጀመሪያው ቀን ማሰር ከመጣደፍ የወለቀውን ዳሌ ወዲያው ማከም፣ ላላ ያለውን ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት ድጋሚ መለካት የተሻለ ነው። ቁጥሩን ማሸነፍ ሳይሆን የሚያስፈልገውን ልጅ መምረጥ ነው ዋናው ሥራ።

ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በዚህ ጉዳይ ላይ የራሳቸው የቆየ ልማድ አላቸው። ልጅን በአንቀልባ ማዘል ጭኖቹን አጥፎና ከፍቶ የእናቱን ጀርባ እንዲያቅፍ ያደርገዋል፤ ይህም ከፓቭሊክ አቀማመጥ ጋር ይቀራረባል። በአፍሪካ ልጅ በሚታዘልባቸው አካባቢዎች የዳሌ መውለቅ ብዙም አለመታየቱን ሐኪሞች አስተውለው፣ በማላዊ የተደረገ ጥናትም ማዘል ይረዳ ይሆን የሚለውን አንስቷል። በተቃራኒው ጃፓን በ1970ዎቹ እግርን ቀጥ አድርጎ መጠቅለል እንዲቀር ዘመቻ ካደረገች በኋላ የወለቀ ዳሌ ክፉኛ ቀንሷል። ይህ ግን መጠቅለልን ሁሉ አያወግዝም፤ ደረትና እጅ ሊጠቀለል ይችላል፣ ጉልበቱና ጭኑ ግን ታጥፎ የሚወራጭበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ማዘልም ላላ ያለ ዳሌ ሊረዳ ይችላል እንጂ የወለቀውን አይመልስም። ማሰሪያ የታዘዘለትን ልጅ ማሰሪያውን አውልቆ ማዘል ሕክምናውን ማቋረጥ ነው። አንገቱን ገና ያልያዘ አራስ ደግሞ በጀርባ የማዘያ ዕድሜው አልደረሰም።

ስለዚህ የትም አገር ያለች እናት፣ በመቀመጫዋ የመጣች ሴት ልጅ ወይም የዳሌ ችግር ያለበት ዘመድ ያላት ከሆነ፣ ሐኪሟን በስድስተኛው ሳምንት የዳሌ አልትራሳውንድ እንዲደረግላት መጠየቅ ትችላለች። የሚያስፈልገው መመርመሪያ ለእንቅርትና ለደም ስር ምርመራ የሚውለው ዓይነት ነው፤ የሚያንሰው ሥዕሉን በትክክለኛው ቦታ የሚቆርጥ የሰለጠነ እጅ ነው። ውጤቱ ሲሰጣት የልጇ ዕድሜ ከአልፋው ጋር መጻፉን፣ ሥዕሉም በወረቀት ላይ መታተሙን ትይ። ሌላ ሐኪም በድጋሚ የሚያየው ያንን ሥዕል ነው። ልጇ አራት ወር ካለፈች ደግሞ ራጅ ከአልትራሳውንድ ይልቅ ይበጃታል። ዳይፐር ሲቀየር አንዱ ጭን እንደሌላው የማይከፈት ከሆነ፣ አንዱ ጉልበት ከሌላው አጠር ብሎ ከታየ ወይም መሄድ የጀመረ ልጅ ካነከሰ፣ ምንም ሕመም ባይኖር እንኳ መታየት አለበት። ሁለቱም ዳሌ የወለቀበት ልጅ እግሮቹ እኩል ስለሚሆኑ አያነክስም፤ በሰፊው እየተወዛወዘ ነው የሚራመደው። ቤተሰቡ አንዱን እግር ከሌላው ማወዳደር ስለማይችል፣ ሁለቱም ጭን በበቂ ሁኔታ መከፈታቸውን ሐኪሙ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።